የጨረታ መሸኛ ደብዳቤ፦ ምን ቃል ይግቡ፣ ምን አይግቡ

ደብረ ማርቆስ ላይ የጨረታ ሰነድ ለማዘጋጀት ወደ እኔ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ነገር ጨርሶ ነው የሚመጣው። ዋጋውን አስልቷል፣ ሲፒኦውን አሠርቷል፣ የንግድ ፈቃዱንና የግብር ክሊራንሱን ኮፒ አስደርጓል። የቀረው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። «እሱን ብቻ ጻፍልኝ፤ ጠንከር አድርገህ» ይለኛል። ጠንከር ማለት ብዙ ቃል መግባት ማለት ነው።

ከዚህ ሥራ በፊት ለዓመታት በሌላኛው ወገን፣ በአንድ ወረዳ የግዥ ቡድን ውስጥ ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት መሸኛ ደብዳቤው ስላማረ ጨረታ ያሸነፈ አንድም ሰው አላየሁም። ደብዳቤው ውስጥ ባለ አንድ ዓረፍተ ነገር የወደቀ ግን ብዙ ሰው አይቻለሁ። ያዘንኩትም ዋጋቸው ዝቅተኛ፣ ዕቃቸው ጥሩ ሆኖ ሳለ ማንም ያልጠየቃቸውን ነገር ጽፈው ለወጡት ነው።

ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጽፈው ባለፈው ዓመት ከአንድ የእንጨትና ብረታ ብረት ወርክሾፕ ባለቤት ጋር ቁጭ ብለን የሠራነውን ደብዳቤ ይዤ ነው። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ጋሼ እላቸዋለሁ።

መጀመሪያ ቅጹንና ደብዳቤውን ይለዩ

ከግዥ ፈጻሚው መሥሪያ ቤት በገዙት የጨረታ ሰነድ ውስጥ «የጨረታ ማቅረቢያ ቅጽ» የሚባል አለ። እሱ የእርስዎ ደብዳቤ አይደለም። ቃሉ የተጻፈው በመሥሪያ ቤቱ ነው፤ እርስዎ ባዶ ቦታውን ሞልተው ይፈርሙበታል፣ ማኅተም ያደርጉበታል፣ ከዚያ ውጪ አንድ ቃል አይነኩበትም። ቅጹን እንደገና በራስ ቃል መጻፍ፣ ያልተመቸ አንቀጽ መሰረዝ ወይም ከግርጌው ማስታወሻ መጨመር ከጨረታ ያስወጣል።

መሸኛ ደብዳቤው ከዚህ ሌላ ነው። በድርጅትዎ አርማ ወረቀት ላይ ራስዎ የሚጽፉት፣ ከሰነዱ ፊት የሚቀመጥ ወረቀት ነው። በራስዎ ቃል መጻፉ ነው አደገኛ የሚያደርገው። የተፈረመና ማኅተም ያለበት ስለሆነ የመጫረቻ ሰነድዎ አካል ሆኖ ይቆጠራል። ዋጋው የሚጸናበትን ጊዜ ቅጹ 60 ቀን፣ ደብዳቤው 30 ቀን ቢል የጨረታ ኮሚቴው ለእርስዎ የሚበጀውን መርጦ ሊወስድልዎ አይችልም። ጨረታው ከተከፈተ በኋላ ማብራሪያ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ነገር ግን በማብራሪያ ስም ዋጋን ወይም የቀረበውን ነገር ፍሬ ነገር መለወጥ አይፈቀድም። «በስህተት ነው» ማለት አያድንም።

ሰነዱ የጠየቀውን ለብቻው ይጻፉ

ደብዳቤውን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ባዶ ወረቀት ያውጡና ሰነዱ በግልጽ የሚጠይቀውን ቃል ኪዳን ብቻ ይዘርዝሩበት። ከጋሼ ጋር ያደረግነው ይህንን ነው። ጨረታው የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያወጣው፣ 240 ኮምባይንድ ዴስክ የሚጠይቅ ነበር። ሰነዱን ስናነብ የተገኘው ይህ ነው፦ ውል በተፈረመ በ45 ቀናት ውስጥ ወረዳው መጋዘን ማድረስ፤ ጨረታው ከሚከፈትበት ቀን ጀምሮ ለ60 ቀናት ዋጋውን አጽንቶ ማቆየት፤ የእግሩ ቱቦላሬ ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር መሆን፤ አሸናፊ ሲሆኑ የውሉን ዋጋ 10 በመቶ የውል ማስከበሪያ ማስያዝ፤ ቴክኒካልና ፋይናንሻል ሰነድን በተለያየ ኤንቨሎፕ ማሸግ። የአመራረጡ መንገድም ተጽፏል፦ ቴክኒካል መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል።

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደብዳቤውን ሁሉ የሚገዛ ነው። ነጥብ የሚሰጠው ነገር ምን እንደሆነ እዚያ ላይ ይታወቃል። እዚህ ጨረታ ላይ ቀድሞ ማስረከብ ነጥብ የለውም፤ ረዥም ዋስትናም ነጥብ የለውም። ነጥብ የማያስገኝ ቃል ከገቡ የሚያገኙት ምንም የለም፤ የሚከፍሉት ግን አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጎጃም ውስጥ ያለ ሁሉም መሥሪያ ቤት በአንድ ሕግ አይገዛም። እንደ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የፌዴራል ተቋማት የሚመሩት በፌዴራሉ የግዥ ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 649/2001ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ማለት ነው። ዞንና ወረዳ ደግሞ የክልሉን ይከተላሉ። ባለፈው ጊዜ ለዩኒቨርሲቲ የጻፉትን ደብዳቤ ስምና ቀን ቀይሮ ለወረዳ ማስገባት ስህተት የሚፈጠርበት ትልቁ በር ነው። ዋናው ሕግዎ በእጅዎ ያለው የጨረታ ሰነድ ነው።

የጋሼ የመጀመሪያ ደብዳቤ

ጋሼ ቀድመው በእጃቸው የጻፉት ረቂቅ ይህ ነበር፦

«ዕቃውን በ30 ቀናት ውስጥ እናስረክባለን። ያቀረብነው ዋጋ ለ30 ቀናት የጸና ነው። የብረት ዋጋ ከጨመረ በጋራ ተነጋግረን እናስተካክላለን። 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ እንደተቀበልን ሥራ እንጀምራለን። ጥራቱ ከተጠየቀው ጋር ተመሳሳይ ወይም የተሻለ ነው። ካሸነፍን የ5 በመቶ ቅናሽ እናደርጋለን።»

ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስድስቱም ጉዳት አላቸው። አንዳንዱ ወዲያው ይጥላል፣ አንዳንዱ ካሸነፉ በኋላ ያስከፍላል።

የማስረከቢያ ጊዜ፦ በልብ ሳይሆን በስሌት

«ጋሼ፣ ለምን 30 ቀን አሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሌላው 45 ሲል እኔ 30 ብል አይመርጡኝም?» አሉኝ። አይመርጧቸውም። ሰነዱ ለፍጥነት ነጥብ ካልሰጠ 30 ያለውም 45 ያለውም እኩል «አሟልቷል» ተብሎ ያልፋል። ልዩነቱ የሚመጣው ውል ሲፈረም ነው፤ በደብዳቤው የገቡት 30 ቀን ወደ ውሉ ይገባና የመዘግየት ቅጣት ከ31ኛው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል።

ስለዚህ ወረቀት አውጥተን አሰላን። ወርክሾፑ ባለው ሰው በቀን 8 ዴስክ ያወጣል። 240 ዴስክ 30 የሥራ ቀን ይፈልጋል፤ በሳምንት 6 ቀን ከተሠራ ይህ 5 ሳምንት፣ ማለትም 35 ቀን ነው። ቱቦላሬና ላሜራ ከአዲስ አበባ ገዝቶ፣ በዓባይ በረሃ አሻግሮ ለማምጣት 6 ቀን ያዝን። በአይሱዙ 60 ዴስክ እየተጫነ በ4 ምልልስ ወረዳው መጋዘን ለማድረስ 2 ቀን። ሲደመር 43 ቀን። ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን ተመለከትን። ውሉ የሚፈረመው ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ስቅለት፣ የሠራተኞች ቀንና የአርበኞች ቀን መሐል ላይ ይገባሉ። ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ይቀነሳል። 46 ቀን ሆነ።

ጋሼ ዝም አሉ። በ30 ቀን አስረክባለሁ ያሉትን ሥራ በ45ም ማድረስ አይችሉም ነበር። መፍትሔው ግን ደብዳቤው ውስጥ ሳይሆን ወርክሾፑ ውስጥ ነው። አንድ ተጨማሪ በያጅ ከተቀጠረ ምርቱ በቀን 10 ይሆናል፤ 24 የሥራ ቀን፣ ማለትም 28 ቀን ይወስዳል። በዓሉን፣ ግዥውንና ማጓጓዣውን ስንጨምር 39 ቀን። ከ45ቱ 6 ቀን ይተርፋል፤ መብራት ሲጠፋ ወይም መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ የሚበላው እሱ ነው።

አሁን 30 ቀን ብለው ቢሆን ኖሮ ምን ይከፍሉ ነበር? ዋጋቸው ለአንዱ ዴስክ 6,500 ብር፣ ለ240ው ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት 1,560,000 ብር ነው። በመንግሥት ግዥ ውሎች የተለመደው ቅጣት ላልቀረበው ዕቃ ዋጋ በየቀኑ ከሺህ አንድ ሲሆን፣ ጣሪያው የውሉ 10 በመቶ ነው፤ የእርስዎን ግን ከሰነዱ ይመልከቱ። በ30ኛው ቀን ግማሹን አስረክበው ግማሹ ቢቀር ያልቀረበው 780,000 ብር ነው፤ በቀን 780 ብር፣ ለ9 ቀን 7,020 ብር። ሥራውን በሰነዱ ጊዜ ውስጥ እየጨረሱ የሚከፈል ቅጣት ነው።

በደብዳቤው የሚጻፈው ይህ ብቻ ነው፦ «ዕቃውን በጨረታ ሰነዱ በተገለጸው የ45 ቀናት ጊዜ ውስጥ እናስረክባለን»። ሰነዱ ያለው «ቀን» ከሆነ «የሥራ ቀን» ብለው አይቀይሩት። 45 የሥራ ቀን በሳምንት 6 ቀን ቢታሰብ እንኳ 52 ቀን ገደማ ነው፤ ሳያስቡት ጊዜውን አራዝመዋል፤ መስፈርቱንም አላሟሉም።

የዋጋ መጽኛ ጊዜ

ጋሼ 30 ቀን ያሉት የብረት ዋጋ ስለሚያስፈራቸው ነው፤ ፍርሃታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ሰነዱ 60 ካለ 59 መጻፍ እንኳ ከጨረታ ያስወጣል። ይህ ኮሚቴው ሊያልፈው የሚችለው ጉድለት አይደለም።

ቀኑን በቁጥር ብቻ ይጻፉ፤ የሚያበቃበትን ዕለት አይጻፉ። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሰው በቀላሉ «ሁለት ወር» ብሎ ይቆጥራል። ሐምሌ 20 ለተከፈተ ጨረታ 60 ቀን የሚሞላው መስከረም 20 ሳይሆን፣ ጳጉሜ 5 ቀን ስትሆን መስከረም 15 ነው። መስከረም 20 ብሎ የጻፈ ሰው በነፃ 5 ቀን ራሱን አስሯል። በጎርጎርዮስ ቀን ገልብጦ ሲጽፍ አንድ ቀን ያጎደለ ደግሞ ይወድቃል። «ጨረታው ከሚከፈትበት ቀን ጀምሮ ለ60 ቀናት» ማለት ከሁለቱም ያድናል። መነሻውንም ከሰነዱ ይገልብጡ፤ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ብለው ከጀመሩ ጊዜው ያጥራል።

የብረቱ ስጋት የሚታሰበው ነጠላ ዋጋው ውስጥ ነው። በ60 ቀን ዋጋው ይጨምራል ብለው ካመኑ ዴስኩ ላይ ይጨምሩት፤ ካላዋጣዎት አይጫረቱ።

ቅድመ ሁኔታ ተደብቆ የሚገባባቸው ቃላት

«የብረት ዋጋ ከጨመረ» የሚለው በግልጽ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ማንም ያየዋል። «30 በመቶ ቅድመ ክፍያ እንደተቀበልን ሥራ እንጀምራለን» የሚለው ግን ብዙ ሰው ቅድመ ሁኔታ መሆኑን አያስተውልም። ትሕትና ይመስላል። በተግባር ግን ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ሰነዱ ያላቀረበውን ክፍያ ይጠይቃል፤ የ45ቱን ቀን መነሻም ከውል ፊርማ ወደ ክፍያ ቀን ያዛውራል። ሰነዱ ቅድመ ክፍያ ከፈቀደ መጠኑንና ለእሱ የሚያስይዙትን ዋስትና ራሱ ተናግሯል፤ ካልፈቀደ ደብዳቤው አይፈጥረውም።

እንደዚህ ያሉትን ለማግኘት ረቂቅዎን ሲያነቡ «ከሆነ»፣ «እንደተቀበልን»፣ «በተቻለ መጠን»፣ «እንደ ገበያው ሁኔታ»፣ «በስምምነት» የሚሉትን ይፈልጉ። እያንዳንዳቸው አጠገብ አንድ ቅድመ ሁኔታ ተቀምጧል።

ሰነዱ ውስጥ በእውነት የማይሠራ ነገር ካለስ? መንገዱ ሌላ ነው። ማስገቢያው ቀን ከመድረሱ በፊት፣ ሰነዱ በወሰነው ጊዜ ውስጥ፣ ለግዥ ቡድኑ በጽሑፍ ማብራሪያ ይጠይቁ። መልሱ ሰነዱን ለገዙት ሁሉ ይደርሳል፤ ከተስማሙም በማሻሻያ ሰነዱ ይለወጣል። ያኔ ለሁሉም እኩል ይሆናል። በመሸኛ ደብዳቤ የተጻፈ ተመሳሳይ ሐሳብ ግን የእርስዎ ብቻ ልዩ ጥያቄ ነው፤ ኮሚቴው ቢቀበለው ሌላውን ተጫራች ይበድላል።

«ተመሳሳይ ወይም የተሻለ»

ይህ ቃል ጨዋ ይመስላል፤ ለመርማሪ ግን ምንም አይነግረውም። ሰነዱ 1.5 ሚሊ ካለ 1.2 ሚሊ የሚያቀርብ ሰውም «ተመሳሳይ» ሊል ይችላል። ደብዳቤው ላይ ስለ ጥራት አይከራከሩ፤ መለኪያውን በቴክኒካል ዝርዝር ቅጹ ላይ በቁጥር ይሙሉ፤ በደብዳቤው «በቴክኒካል ዝርዝሩ ላይ በሞላነው መሠረት» ይበሉ። «የተሻለ» ብለው ከጻፉ ደግሞ ርክክብ ላይ «የተሻለው የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ የዕቃ ተረካቢ ይገጥምዎታል፤ ልክ ነው።

ስለ ዋስትናም እንዲሁ። «ለማንኛውም ብልሽት ያለገደብ ኃላፊነት እንወስዳለን» ብሎ የጻፈ አንድ ሰው አውቃለሁ። ተማሪ ሰብሮ የጣለው ዴስክ ሁሉ እንዲጠገን ሲጠየቅ የሚከራከርበት ቃል አልነበረውም። ሰነዱ የአንድ ዓመት ዋስትና ከጠየቀ አንድ ዓመት፣ የማምረቻ ጉድለት ካለ የማምረቻ ጉድለት።

ቅናሹ

ከሁሉም የከፋው የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱን ለመረዳት የመክፈቻ ቀኑን ማየት ያስፈልጋል።

ተጫራቾች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው የታሸገውን ትልቅ ኤንቨሎፕ አንስቶ ማሸጊያው አለመነካቱን ለሁሉም ያሳያል፤ ይቆርጠዋል። ከውስጡ «ቴክኒካል» የሚለውን ያወጣና ይከፍታል። «ፋይናንሻል» የሚለው እንደታሸገ ይቀመጣል፤ የሚከፈተው ቴክኒካሉ ተመርምሮ ካለፈ ብቻ ነው። ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው መሸኛ ደብዳቤው ነው፤ ሰብሳቢው ጮክ ብሎ ያነበዋል። አንድ ጊዜ እኔ ቃለ ጉባኤ ይዤ ሳለሁ፣ በቴክኒካል ኤንቨሎፕ ውስጥ ካለ ደብዳቤ «በጠቅላላ ዋጋችን ላይ የ5 በመቶ ቅናሽ» የሚል ተነበበ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ፤ ጻፍኩት። የፋይናንስ መረጃ በቴክኒካል ሰነድ ውስጥ ማስገባት ከጨረታ ያስወጣል፤ ሰውየው ፋይናንሻሉ ሳይከፈት ተመለሰለት። ከፊት ወንበር ላይ ነበር የተቀመጠው፤ ፊቱን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ስለዚህ መሸኛ ደብዳቤው የሚገባው ቴክኒካል ኤንቨሎፕ ውስጥ ከሆነ፣ ብር የሚለው ቃል እንኳ አይኑርበት፤ ጠቅላላ ዋጋም፣ ቅናሽም፣ የሲፒኦው መጠን የዋጋዎ መቶኛ ሆኖ ከተሠላም እሱም።

«ካሸነፍን» የሚለው ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ቅናሹ ከማሸነፍ በኋላ የሚመጣ ከሆነ ዋጋ ሲወዳደር አይቆጠርም፤ ከፍ ባለው ዋጋ ይወዳደራሉ ማለት ነው። ለጋሼ ያልኳቸው ቀላል ነው፦ 5 በመቶ መቀነስ ከቻሉ አሁኑኑ ነጠላ ዋጋው ላይ ይቀንሱት። 6,500 ብር 6,175 ሆነ፤ ጠቅላላው 1,482,000 ብር። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ በአኃዝም በፊደልም ተጻፈ፤ ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ስለሆነ ፊደሉን ሁለት ጊዜ አነበብነው። ቅናሽ በሆነ ምክንያት ለብቻው መጻፍ ካለበት ቦታው የፋይናንሻል ኤንቨሎፑ ውስጥ ያለው ቅጽ ነው፤ በመክፈቻው ዕለት ጮክ ተብሎ ያልተነበበ ቅናሽ አይያዝም።

ተስተካክሎ የወጣው ደብዳቤ

በመጨረሻ ያስገቡት ይህን ይመስላል፦

«ቀን … ቁጥር …
ለ… ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ በጨረታ ቁጥር … የኮምባይንድ ዴስክ አቅርቦት መጫረቻ ሰነድ ስለማቅረብ

የጨረታ ሰነዱንና የወጣውን ማሻሻያ ቁጥር 1 አንብበን ተቀብለናል። በዚሁ መሠረት 240 ኮምባይንድ ዴስክ በቴክኒካል ዝርዝሩ ላይ በሞላነው መሠረት ለማቅረብ የመጫረቻ ሰነዳችንን አቅርበናል።

የመጫረቻ ሰነዳችን ጨረታው ከሚከፈትበት ቀን ጀምሮ ለ60 ቀናት የጸና ነው። አሸናፊ ከሆንን በሰነዱ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ የውል ማስከበሪያ አስይዘን ውል እንፈርማለን፤ ዕቃውንም በሰነዱ በተገለጸው የ45 ቀናት ጊዜ ውስጥ እናስረክባለን።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር 1 ኦርጅናልና 2 ኮፒ ቴክኒካል ሰነድ፣ እያንዳንዳቸው … ገጽ፣ ተያይዟል። ፋይናንሻል ሰነዱ በሌላ ኤንቨሎፕ ታሽጎ ቀርቧል።

ስም፣ ኃላፊነት፣ ፊርማ፣ ማኅተም»

ማሻሻያውን በቁጥር መጥቀስ አይርሱ። ማሻሻያ ወጥቶ ደብዳቤውም ቅጹም ካልጠቀሰው፣ ዋጋዎ የቀረበው በድሮው ሰነድ ላይ ይሁን በአዲሱ ላይ ኮሚቴው አያውቅም። የሚፈርመው ሰው ሥራ አስኪያጁ ካልሆነ የውክልናው ኮፒ ይያያዝ። ስርዝ ድልዝ ካለ አጠገቡ ይፈረምበት፤ አንድ ገጽ ብቻ ስለሆነ እንደገና ማተም ይሻላል።

ጋሼ አንብበው ሲጨርሱ «ይኸው ነው? ምንም አልተባለም እኮ» አሉኝ። የሚባለው ሁሉ በቅጾቹ ውስጥ ተብሏል አልኳቸው። ከማሸጋችን በፊት የተፈረመውን ደብዳቤ ኮፒ አስቀርተው በወርክሾፑ ፋይል እንዲያስቀምጡ አደረግሁ። ውል ሲቀርብላቸው የውሉን የማስረከቢያ ጊዜና የውል ማስከበሪያ አንቀጽ ከዚያ ኮፒ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ያነባሉ፤ የተለየ ነገር ካዩ ከመፈረማቸው በፊት ይጠይቃሉ።